ስለ ሽሮዎ ምን ይባላል? የማኅበራዊ ሚዲያ ቅኝት ለአነስተኛ የጎንደር አምራቾች

ጎንደር ውስጥ ሽሮና በርበሬ አሽገው የሚሸጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ከደምቢያ የመጣ ሽምብራ ተለቅሞ፣ ተቆልቶ፣ ተከክቶና ከቅመሙ ጋር ተፈጭቶ ይታሸጋል። ከፊሉ ለከተማው ሱቆች ይከፋፈላል፣ ከፊሉ በአውቶቡስ አዲስ አበባ ይገባል፣ ከፊሉም በመንገደኛ ሻንጣ ዱባይ ወይም ዋሽንግተን ይደርሳል። ሸቀጡ ከከተማው ሲወጣ ወሬውም አብሮት ይወጣል። ገዢዋ ወጡ ሲጓጉልባት ለአምራቹ አትደውልም፤ ቲክቶክ ላይ የሌላ ሰው ቪዲዮ ሥር ትጽፈዋለች፣ ወይም በቴሌግራም ቡድን ውስጥ «ሽሮ ከየት ነው የምትገዙት?» ብላ ትጠይቃለች። ይህ መመሪያ ያንን ወሬ በሥርዓት ሰብስቦ ለሥራ ስለማዋል ነው።

ከወሬው ሁለት ዓይነት ፍሬ ይገኛል። አንዱ የሚቀረጽ ወይም የሚጻፍ ነገር ነው፤ ሌላው የሚመረት። በእኔ ግምት ብዙ አምራች የሚከስረው ሁለቱን ሲያምታታ ነው። በአርባ ሰከንድ ቪዲዮ የሚፈታ ቅሬታ ሰምቶ ወፍጮ ይቀይራል፣ ወፍጮ መቀየር ያለበት ደግሞ ቪዲዮ ይሠራል። መለያው ቀላል ጥያቄ ነው፦ ለዚህ ሰው ነገሩን በደንብ ባስረዳው ቅሬታው ይቀራል? የሚቀር ከሆነ የይዘት ሐሳብ ነው። ካስረዱትም በኋላ ጥያቄው ባለበት ከቆመ የምርት ሐሳብ ነው።

በምሳሌ እንሂድ። አራዳ አካባቢ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ሽሮና በርበሬ የምታሽግ አንዲት አምራች አለች እንበል። የምርቷ ስም ውስጥ «ፋሲል» የሚል ቃል አለ። አምራቿም ከዚህ በታች የሚመጡት ቁጥሮችም አሠራሩን ለማሳየት የተፈጠሩ ናቸው።

ከስልኩ በፊት ውሳኔው

ብዙ ሰው ቅኝት ሲባል ወዲያው የምርቱን ስም ይፈልጋል። ሁለት ምስጋና አንብቦ ይደሰታል፣ ወይም አንድ ስድብ አንብቦ ቀኑ ይበላሽበታል፤ ነገሩም በዚያው ያበቃል። ስለዚህ አስቀድመው ሊወስኑት ያሰቡትን አንድ ጉዳይ በወረቀት ያስፍሩ። የእኛዋ አምራች ጉዳይ ይህ ነው፦ ዐቢይ ጾም ከመግባቱ በፊት አንድ አዲስ እሽግ ማውጣት ትፈልጋለች፤ ምን ታውጣ?

ውሳኔው ከታወቀ የቅኝቱ ወቅትም ይታወቃል። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፤ ሽሮ በብዛት የሚነሣውም ያኔ ነው። ነገር ግን ጾሙ ሲገባ ማዳመጥ የጀመረ ሰው ምርቱን የሚያደርሰው ለፋሲካ ነው፤ ያኔ ደግሞ ሰው የሚያስበው ዶሮ ነው። ሽምብራ መግዛት፣ ማሸጊያ ማሳተምና መሞከር ጊዜ ይፈልጋል። ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ስለ ጾም ምግብ የሚደረገው ጨዋታ ቀደም ብሎ ይሞቃል። ስለዚህ ኅዳርንና ታኅሣሥን ለማዳመጥ፣ የጥምቀትን ግርግር ካሳለፉ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ለሙከራ መመደብ ከሁሉም ይሻላል።

ቃላቱን መሰብሰብ

የቅኝቱ ግማሽ ሥራ ይኸው ነው። አማርኛ በፍለጋ ሳጥን ውስጥ አስቸጋሪ ቋንቋ ስለሆነ እዚህ ላይ ረጋ ብለን እንቆያለን።

የመጀመሪያው ችግር ስሙ የሌላ ነገርም ስም መሆኑ ነው። «ፋሲል» ብለው ቢፈልጉ በ1979 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበው የፋሲል ግቢ ይመጣል፤ ጥምቀት የሚከበርበት የፋሲል መዋኛ ይመጣል፤ ፋሲል ከነማ ይመጣል፤ ፋሲል የተባለ ሰው ሁሉ ይመጣል። ሽሮዋ ግን የለችም። «ሽሮ» ብቻ ብለው ቢፈልጉም የአዲስ አበባው ሽሮ ሜዳ ከነሐበሻ ቀሚሱ ይመጣብዎታል። መፍትሔው ስምን ከሸቀጡ ጋር ማጣመርና የማይፈለገውን መቀነስ ነው። ጉግል ላይ እንዲህ ይጻፋል፦

```
"ፋሲል" (ሽሮ OR በርበሬ) -ከነማ -ግንብ
("ጎንደር" OR "ጐንደር") ሽሮ -"ሽሮ ሜዳ"
Fasil shiro (Gondar OR Gonder)
site:tiktok.com "ምጥን ሽሮ"
```

የጥቅስ ምልክቱ ቃሉ እንዳለ እንዲፈለግ ያደርጋል። `OR` በላቲን ትልልቅ ፊደላት መጻፍ አለበት፤ ከሁለቱ አንዱ ቢገኝ ይበቃል ማለት ነው። የቅነሳ ምልክቱ ከቃሉ ጋር ያለ ክፍት ቦታ ይጣበቃል። `site:` ደግሞ ፍለጋውን በአንድ ድረ ገጽ ውስጥ ይወስናል። ስትቀንሱ ግን ተጠንቀቁ፦ «ግንብ አጠገብ ካለው ሱቅ ፋሲል ሽሮ ገዝቼ…» ብሎ የጻፈ ደንበኛ በቅነሳው አብሮ ይጠፋል። በወር አንድ ጊዜ ያለ ቅነሳ መፈለግ ይህን ያርማል።

ሁለተኛው ችግር የፊደል ነው። አንዱ «ጎንደር» ሲል ሌላው «ጐንደር» ይላል፤ «ፋሲል» እና «ፋሢል»፣ «ሽሮ» እና «ሺሮ» ይጻፋሉ። የፍለጋ ሳጥኖች ሁሉ እነዚህን እኩል አያዩአቸውም። በላቲን ፊደል የሚጽፈው ደግሞ ደንብ የለውም፤ `shiro`፣ `shero`፣ `mitin shiro`፣ `miten shiro` ሁሉም ይገኛሉ። ውጭ አገር ያለው ወገን በብዛት የሚጽፈው በላቲን ስለሆነ ይህን መዝለል ከፍ ያለ ዋጋ የሚከፍለውን ገዢ መዝለል ነው።

ሦስተኛው ችግር ብዙ ሰው የማያስተውለው ነው። የአማርኛ ቃል ከፊትም ከኋላም ይለጠፍበታል፦ የሽሮ፣ በሽሮ፣ ለሽሮ፣ ሽሮው፣ ሽሮአችሁ። ብዙ የፍለጋ ሳጥን ቃልን የሚያነበው ከመነሻው ስለሆነ «ሽሮ» ብለው ሲፈልጉ «የሽሮ» ላይመጣ ይችላል። ከኋላ ያለው ደግሞ ይብሳል፤ የመጨረሻውን ፊደል ራሱን ይለውጠዋል። «ዱቄት» ወደ «ዱቄቱ» እና «ዱቄታችሁ»፣ «ፋሲል» ወደ «ፋሲሉ» ሲለወጥ ሙሉውን ቃል የጻፈ ሰው አያገኘውም። በኮምፒውተር ገጹን ከፍተው በ`Ctrl+F` ሲፈልጉ «ዱቄ» ወይም «ፋሲ» ብለው ያሳጥሩት፤ ሁሉም ይያዛል። በስልክ መተግበሪያዎች ውስጥ ሲፈልጉ ግን የ፣ በ፣ ለ እና ከ ያሉባቸውን ለየብቻ ቢሞክሩ ይሻላል።

አራተኛው የቅሬታ ቃላት ናቸው። ማንም «የዚህ ምርት ጥራት ዝቅተኛ ነው» ብሎ አይጽፍም። የሚጽፈው «ይጓጉላል»፣ «ቶሎ ያርራል»፣ «አይወፍርም»፣ «አሸዋ አለው»፣ «ነቀዘ»፣ «ሽታው ጠፋ»፣ ስለ በርበሬ ከሆነም «ቀለም ነው እንጂ በርበሬ አይደለም» ብሎ ነው። እነዚህን ቃላት ቁጭ ብሎ ማሰብ ያስቸግራል። ይልቅ ቡና አፍልተው ሽሮ በየቀኑ የሚሠሩ ሦስት ጎረቤቶችን ይጥሩና ከዚህ በፊት ገዝተው የተቆጩበትን ሽሮ እንዲያወሩ ያድርጉ። የሚሉትን ሳያቃኑ እንደወረደ ይጻፉት። የፍለጋ ዝርዝርዎ ያ ነው።

የት ይደመጣል

ቴሌግራም ሁለት መልክ አለው፤ ቻናልና ቡድን። ሕዝባዊ የሆነ ቻናልን ሳይቀላቀሉም ጭምር በኮምፒውተር ማየትና በውስጡ መፈለግ ይቻላል፦

```
https://t.me/s/የቻናሉ_መለያ?q=ሽሮ
```

«የቻናሉ_መለያ» ባለበት ቦታ ከ@ ምልክት በኋላ የሚመጣውን የላቲን ስም ይተኩ። ሆኖም ቻናል የሻጩ ድምፅ ነው፤ የገዢው ድምፅ ያለው በአስተያየት መስጫውና በቡድኖቹ ውስጥ ነው። የጎንደር ልጆች የሚሰባሰቡባቸው፣ የምግብ አሠራር የሚያወሩ፣ ዱባይ ወይም ቤይሩት ያሉ እኅቶች ዕቃ የሚጠያየቁባቸው ክፍት ቡድኖች አሉ። ገብተው በቡድኑ ውስጥ ባለው የፍለጋ ምልክት አንድ በአንድ ይፈልጉ። ከሃያ ቡድን ይልቅ አምስት ቡድን በደንብ ማንበብ የተሻለ ነው።

ቲክቶክና ዩቲዩብ ላይ ስለ ምርትዎ የተሠራ ቪዲዮ አይፈልጉ፤ አብዛኛውን ጊዜ የለም። የሽሮ አሠራር የሚያሳዩ ቪዲዮዎችን ይክፈቱና አስተያየቱን ያንብቡ፤ የገዢ ጥያቄ የሚከማቸው እዚያ ነው። በቪዲዮ ሥር የተጻፈ አስተያየት በአብዛኛው በጉግል ፍለጋ አይገኝም፤ ስለዚህ በእጅ መውረድ የግድ ነው። ዩቲዩብን በኮምፒውተር ሲያነቡ አስተያየቶቹ የሚጫኑት ወደ ታች በወረዱ መጠን መሆኑን አይርሱ። ሳይወርዱ `Ctrl+F` ያደረገ ሰው የመጀመሪያዎቹን ብቻ ፈልጎ «ምንም የለም» ይላል። ቲክቶክ ላይ ደግሞ «ምጥን ሽሮ» ብለው መጻፍ ሲጀምሩ ሳጥኑ የሚጠቁማቸውን ተከታይ ቃላት ይመዝግቡ፤ ሌሎች ሰዎች ምን እንደሚፈልጉ ፍንጭ ይሰጣሉ።

ፌስቡክ ላይ ከፈለጉ በኋላ በማጣሪያው የቅርብ ጊዜ ልጥፎችን ይምረጡ፤ አለዚያ የሦስት ዓመት ወሬ ከዛሬው ጋር ይደባለቃል። ቀድሞ ለዚህ ሥራ ይጠቅም የነበረውን ክራውድታንግል የተባለ መሣሪያ ሜታ በነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ዘግቶታል፤ አሁንም እሱን ተጠቀሙ የሚል አሮጌ መመሪያ ካጋጠመዎት ይለፉት።

ጉግል አለርትስን በ`google.com/alerts` ገብተው ከላይ ባዘጋጁት ቃል ይክፈቱት። ቋንቋውን በማንኛውም ቋንቋ ላይ፣ ብዛቱንም በሁሉም ውጤቶች ላይ ያድርጉ። አዲስ ነገር ጉግል ሲያገኝ በኢሜይል ይልክልዎታል። ብዙ አይጠብቁበት፤ ቴሌግራም ቡድን ውስጥ ያለውን አያይም። ጥቅሙ ዜናና ድረ ገጽ ላይ ስምዎ ሲነሣ እንዳያመልጥዎ ነው።

መዝገቡ

አንድ የጉግል ሺትስ ወይም የኤክሴል ሰንጠረዥ ይበቃል። ዓምዶቹ ቀን፣ የተገኘበት ቦታ፣ ስለማን እንደተባለ (የእኔ፣ የተፎካካሪ፣ በጠቅላላው ስለ ሽሮ)፣ የተባለው ቃል በቃል፣ ዓይነቱ (ጥያቄ፣ ቅሬታ፣ ልመና፣ ምስጋና)፣ ጉዳዩ እና የሰውየው ተራ ቁጥር ናቸው። የቃል በቃሉን ዓምድ ማሳጠር ያጓጓል፤ አያሳጥሩት። «ስለ መጓጎል ቅሬታ» ብሎ የመዘገበ ሰው በኋላ «የፈላ ውኃ ላይ ስበትነው ይጓጉላል» የሚለውን አያገኝም፤ መልሱ ያለው ደግሞ «የፈላ ውኃ» ላይ ነው። ቀኑን በአንድ አቆጣጠር ብቻ ይጻፉ። የኢትዮጵያንና የአውሮፓን እያቀላቀሉ የጻፉት መዝገብ በወቅት ሊደረደር አይችልም።

ስምና ስልክ አይመዝገቡ። ተራ ቁጥሩ የሚያስፈልገው አንድ ሰው አሥር ቦታ የጻፈውን እንደ አሥር ሰው እንዳይቆጥሩ ብቻ ነው። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ ከዚያም በላይ ለሽሮ ሐሳብ የማንም ስም አያስፈልግም። በተፎካካሪ ዝግ የደንበኞች ቡድን ውስጥ ስምን ቀይሮ መግባትም ቅኝት አይባልም፤ ሰላይነት ነው።

ሰንጠረዡ ሲሞላ ቆጠራው በአንድ መስመር ያልቃል፦

```
=COUNTIFS(E:E,"ቅሬታ",F:F,"መጓጎል")
```

E የዓይነቱ፣ F የጉዳዩ ዓምድ ነው። ቀመሩ የሚሠራው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ቃል ከተጻፈ ብቻ ነው፤ አንድ ቀን «መጓጎል» ሌላ ቀን «መጓገል» ካሉ ግማሹ ሳይቆጠር ይቀራል።

ማጥራት

አምራቿ ታኅሣሥ ሲያልቅ 160 መስመር ሰብስባለች እንበል። ከመቁጠሯ በፊት ታጠራለች። በመጀመሪያ ከአንድ ሰው የመጡትን ወደ አንድ ታወርዳለች። ቀጥሎ የሽልማት አስተያየቶችን ታወጣለች፤ «ላይክና ሼር ያደረገ አንድ ኪሎ ይሸለማል» በሚል ልጥፍ ሥር የተደረደረው «ምርጥ ሽሮ» ሁሉ ስለ ሽሮው አይደለም፣ ስለ ሽልማቱ ነው። የተቀነባበረ ውዳሴም አለ፤ በጥቂት ደቂቃዎች ልዩነት ተመሳሳይ ቃል ይጻፋል፣ ስለ ጣዕም እንጂ ስለ አሠራር አንድም ዝርዝር የለበትም፣ ጸሐፊዎቹም ፎቶም ታሪክም የላቸውም። እውነተኛ በላተኛ ሲያመሰግን እንኳ ዝርዝር አያጣም፦ «እጃችሁ ይባረክ፣ ኮረሪማው ልክ ነው።»

ሽሙጥን የሚለይ መሣሪያ ደግሞ እስካሁን አላየሁም። «እግዜር ይስጥልኝ፣ የጥርስ ሐኪሜን ሥራ አስጀመራችሁት» የሚል ሰው በቃላቱ ሲታይ አመስጋኝ ነው፤ የሚያወራው ግን ስለ አሸዋ ነው። ስለዚህ ስሜትን በራሱ ይለያል የተባለ ፕሮግራም ቢኖርዎትም የአማርኛውን መስመር በዓይን ያንብቡት። ለአንድ ትንሽ አምራች ቁጥሩ በዓይን የሚነበብ ነው።

የተገኘውን መፍታት

ከጥራቱ በኋላ 110 የተለያዩ ሰዎች ቀርተዋል። 31ዱ ዋጋ ጠይቀዋል። 22ቱ ሽሮ ይጓጉላል ብለዋል። 17ቱ በርበሬ የሌለው ሽሮ ፈልገዋል፤ ገሚሱ ለልጆች፣ ገሚሱ «ለጨጓራዬ» እያለ። 14ቱ ወደ ውጭ አገር ይላካል ወይ ብለዋል። 5ቱ አሸዋ አግኝተዋል። የቀረው 21 ምስጋናና ልዩ ልዩ ነው።

ከዋጋው እንጀምር። ይህ ምርትም ይዘትም አይደለም፤ ሻጮች ሁሉ «በውስጥ መስመር ያናግሩን» እያሉ ያመጡት ጣጣ ነው። ገዢው ዋጋ ሲደበቅ «እኔን አይቶ ሊጨምርብኝ ነው» ብሎ ይጠረጥራል። ዋጋውን በግማሽ ኪሎና በኪሎ ከልጥፉ ላይ መጻፍ ነው። ዋጋው በየሳምንቱ ይለዋወጣል ለሚል ሰው፣ ዋጋው የሚጸናበትን ቀን አብሮ መጻፍ ይቻላል።

መጓጎሉ ይበልጥ ያነጋግራል። ከ22ቱ 19ኙ የሚያወሩት ስለ ሌላ ሰው ሽሮ ነው፤ እዚህ ላይ «የተፎካካሪዬ ሽሮ መጥፎ ነው፣ የእኔ አይጓጉልም ብዬ ላስተዋውቅ» የሚል ፈተና ይመጣል። ሦስቱ ግን የሚያወሩት ስለ ራሷ ሽሮ ነው። አምራቿ ቃል በቃሉን ስታነብ ብዙዎቹ ዱቄቱን የፈላ ውኃ ላይ በአንዴ እንደጨመሩት ታያለች። ዱቄት የፈላ ውኃ ሲነካው ውጭው ወዲያው ይበስልና ሽፋን ይሠራል፤ ውስጡ ደረቅ ሆኖ ይቀራል። ያ ነው ጓጓላው። ግምቷን ለማረጋገጥ ከአንድ እሽግ ሁለት ድስት ትሠራለች፤ አንዱን በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጣ ጨምራ፣ ሌላውን እንደ ገዢዎቹ በትና። የተበጠበጠው ካልጓጎለ ጉዳዩ የይዘት ነው፤ ሁለቱም ከጓጎሉ ግን ወደ ወፍጮውና ወንፊቱ መሄድ አለባት። ያልጓጎለላት አምራች አጭር ቪዲዮ ትቀርጻለች፣ በማሸጊያው ጀርባም «በቀዝቃዛ ውኃ በጥብጠው ይጨምሩ» የሚል መስመር ታሳትማለች። ቪዲዮውን ስትሰይም የራሷን ቃል አትፈልግም፤ ከመዝገቡ «ሽሮ ለምን ይጓጉላል?» የሚለውን የገዢዎቹን ጥያቄ እንዳለ ትወስዳለች። ሰው የሚፈልገው በዚያ ቃል ነውና።

በርበሬ የሌለው ሽሮ ግን በማስረዳት የሚቀር ጥያቄ አይደለም። ምጥን ሽሮ በርበሬ እንዳለበት ለልጅ እናት ብትነግራት «አውቃለሁ፣ ለዚህ ነው የምጠይቀው» ትላለች። ይህ የምርት ሐሳብ ነው። ነጭ ሽሮ ራሱ በየቤቱ የኖረ ስለሆነ አዲስ ነገር መፍጠር አይጠበቅባትም። የጎደለው በሱቅ መደርደሪያ ላይ «በርበሬ የለውም» የሚል በትልቁ የተጻፈበት፣ ያሉትን እህሎችና ቅመሞች የሚዘረዝር ትንሽ እሽግ ነው። ዝርዝሩ የሚያስፈልግበት ምክንያት ከመዝገቡ ይወጣል፤ ከ17ቱ ጥቂቶቹ «ባቄላ አለው ወይ?» ብለውም ጠይቀዋል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ሰው «ለጨጓራ» ስላለ ማሸጊያው ላይ «ለጨጓራ መድኃኒት» ተብሎ አይጻፍም። አምራቿ የምታውቀው በርበሬ አለመጨመሯን ነው፤ የምትጽፈውም ያንኑ ነው።

አሸዋው በቁጥር ከሁሉ ያንሳል። ቁጥር ብቻ የሚከተል ሰው ይዘለዋል፤ እኔ ግን ከ31ዱ የዋጋ ጥያቄ አስቀድሜ የማየው እሱን ነው። አሸዋ አንድ ጊዜ ጥርስ ላይ ከተሰማ ያ ገዢ አይመለስም፤ አብዛኛውም ሳይጽፍ ነው የሚቀረው። አምስቱም ስለ ሌላ ሰው ሽሮ ቢሆኑ እንኳ ሁለታችሁም አንድ ወፍጮ ቤት ታስፈጩ ይሆናል። የድንጋይ ወፍጮ አዲስ ሲወቀር የመጀመሪያው ፍጭት ድንጋይ ይዞ ይወርዳል። አስፈጪው ከወቀረ በኋላ ሌላ እህል አስቀድሞ ማሳለፉን መጠየቅ፣ የቅሬታዎቹንም ቀናት ወፍጮው ከተወቀረበት ቀን ጋር ማስተያየት ነው። ቀናቱ ከተቀራረቡ መንሥኤው ተገኘ፤ ካልተቀራረቡ ለቀማው ይፈተሻል።

ተፎካካሪን ማየት

የተፎካካሪን ገጽ ሲያነቡ ልጥፉን ትተው መልስ ያላገኙ ጥያቄዎችን ይልቀሙ። ገዢ «ስንት ጊዜ ይቆያል?» ብሎ ጠይቆ ማንም ካልመለሰለት፣ ጥያቄው ለእርስዎ ገጽ የተዘጋጀ ርእስ ነው። መልሱን በራስዎ ገጽ ላይ ይጻፉ እንጂ በእሱ ልጥፍ ሥር ገብተው «እኛ ጋ ይምጡ» አይበሉ። ጎንደር ሰፊ ከተማ አይደለችም፤ ነገ አንድ ወፍጮ ቤት ተራ ትጠብቃላችሁ።

የሚከፈልበት ማስታወቂያውን ለማየት `facebook.com/ads/library` ይግቡ፣ አገሩን ኢትዮጵያ ያድርጉና የገጹን ስም ይፈልጉ። በዚያ ሰዓት እየተላለፈ ያለው ማስታወቂያ ከጀመረበት ቀን ጋር ይታያል። ለሳምንታት ገንዘብ የሚከፈልበት ማስታወቂያ ሳይሠራለት አይቀርም ብሎ መገመት ይቻላል፤ ግምት መሆኑን ግን አይርሱ፣ ማጥፋት የረሳም አለ። ይልቅ ማስታወቂያው ምን ቃል ደጋግሞ እንደሚጠቀም ከመዝገብዎ ጋር ያስተያዩት። እሱ «ንጹሕ» እያለ ሲከፍል ገዢዎቹ ስለ መጓጎል እያወሩ ከሆነ፣ ማንም ያልነካው ወሬ የቱ እንደሆነ አወቁ ማለት ነው።

ኢንተርኔት ላይ የሌለው ገዢ

ይህ ቅኝት የሚሰማው የሚጽፈውን ሰው ብቻ ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ እንደነበር የጎንደር ነጋዴ አይረሳም። በዚያ ወቅት የተሰበሰበ መዝገብ ቢኖር የጎንደር ሰው ስለ ሽሮ ምንም ያላለ ያስመስላል፤ አዲስ አበባና ውጭ አገር ያለው ብቻ ይናገር ነበርና። ዛሬም ቢሆን ከቅዳሜ ገበያ ሽምብራ ገዝታ ራሷ የምታስፈጭ እናት በመዝገቡ ውስጥ የለችም። በመዝገቡ ውስጥ ደግሞ ውጭ አገር ያለው ወገን ከመግዛቱ በላይ ድምፁ ይበዛል፤ የጻፈው ሁሉ ዕቃ የሚልክለት መንገደኛ የለውም።

ስለዚህ ነጭ ሽሮው ሙሉ በሙሉ ከመመረቱ በፊት በትንሹ ይሞከራል። 30 የግማሽ ኪሎ እሽግ ይዘጋጅና አንዱ እጅ በፒያሳና በአራዳ ላሉ ሁለት ሱቆች፣ አንዱ እጅ ለቴሌግራም ገዢዎች፣ የቀረው በአውቶቡስ ለአዲስ አበባ ይላክ። ባለሱቁን ስንት እንደሸጠ ብቻ አይጠይቁት፤ አንዴ ገዝቶ ለሁለተኛ ጊዜ የመጣ ሰው እንዳለ፣ ያላወቀው ሰውም እሽጉን አንሥቶ ምን ብሎ እንደመለሰው ይጠይቁት። የመለሱበትን ቃል ወደ መዝገቡ ያስገቡት፤ የተገኘበት ቦታ በሚለው ዓምድ «ሱቅ» ይባላል። የቴሌግራሞቹ አልቀው የሱቆቹ ከቆሙ ምርቱ የሩቅ ገዢ ምርት ነው፤ ለከተማው ብዙ ማሸግ አያስፈልግም። ሁለቱም ከቆሙ የ17ቱ ጥያቄ ወሬ ብቻ ነበር፤ በ15 ኪሎ ሽሮ መታወቁ ርካሽ ነው።

ምርቱ ከወጣ በኋላ በሳምንት ሁለት ጊዜ ግማሽ ግማሽ ሰዓት ለንባብ ይበቃል። የፍለጋ ቃሉ ግን ይለወጣል፤ «በርበሬ የሌለው» የሚለው ልመና ቀንሶ «ነጭ ሽሮው» የሚለው መምጣት አለበት። ለሁለት ወር አንድም ጠቃሚ መስመር ያላመጣ ቃል ከዝርዝሩ ይሰረዝ፤ በምትኩ ገዢዎች ራሳቸው አዲስ ያመጡት ቃል ይግባ።